ከደመወዛችን የተቆረጠው ጡረታ የት ገባ?



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ረጅም ጊዜ አመንትቻለሁ። ያመነታሁት ጉዳዩ ስለሚከብድ ሳይሆን የማወራላቸው ሰውዬ በሰፈራችን የተከበሩ ስለሆኑ ነው። መስጂድ ሲሠራ ከሁሉም ቀድመው ሲሚንቶ የሚያራግፉ፣ በረመዷን ዘይትና ቴምር የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ድርጅታቸውንም አልጠራም። ግን ያደረጉትን እናገራለሁ። ምክንያቱም ይህን ያደረጉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ይህን የምታነበው አንተም ምናልባት እንደ እሳቸው ያለ አሠሪ ዘንድ ትሠራ ይሆናል።

የቤትና የቢሮ ዕቃ የሚያመርት ሃያ ያህል ሠራተኛ ያለው ድርጅት ነው። እኔ እዚያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ለቅቄያለሁ። ከእኔ አጠገብ ባለው የሥራ ጠረጴዛ ይሠራ የነበረው ወንድማችን ግን አልለቀቀም። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ገብቶ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ እስከሞተበት ቀን ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው አናጢ ነበር። አላህ ይርሐመው። ሚስትና ሁለት ልጆች ትቷል።

ሚስቱ ዒዳዋን ጨርሳ ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ማህበራዊ ዋስትና ቢሮ ነበር። ባሏ በሕይወት እያለ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረ፦ «እኔ አንድ ነገር ብሆን ጡረታዬ አለ፤ ልጆቹ አይወድቁም።» የሚለውም በባዶ ሜዳ አልነበረም። በየወሩ ደመወዙን ሲቀበል በምትሰጠው ቀጭን ወረቀት ላይ «ጡረታ 7%» የሚል መስመር አለ፤ ከመስመሩ ፊት ለፊት የተቆረጠው ብር ተጽፏል። ያችን ወረቀት አንድም ወር ሳይጥል በፌስታል እያደረገ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀምጥ ነበር።

ቢሮው መዝገቡን ሲያወጣ አሥራ ሁለት ዓመት የለም። ያለው ስድስት ዓመት ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በስሙ አንድ ሳንቲም አልገባም።

እዚህ ላይ ስድስት ዓመት እና አሥራ ሁለት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ካልገባን ቁጣው አይገባንም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ በግዴታ የጡረታ ሥርዓት ውስጥ የገባው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። አሁን እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ዋናው ነገር ግን አልተለወጠም። ከሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ ላይ ሰባት በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ ኪስ አሥራ አንድ በመቶ ይጨምራል፤ ሁለቱ ተደምረው አሥራ ስምንት በመቶ ሆነው በየወሩ ወደ ፈንዱ ይገባሉ። ሠራተኛው ስድሳ ዓመት ሲሞላው ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ካለው እስኪሞት ድረስ በየወሩ አበል ያገኛል። አሥር ዓመት ካልሞላው ግን ወርሃዊ አበል የለም፤ ዳረጎት የሚባል አንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ይዞ ይሰናበታል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ሲሞት ለሚስትና ለልጆች የሚሆነውም በዚሁ በአሥር ዓመቱ ድንበር ነው የሚለየው።

አሁን ስሌቱን በወንድማችን ላይ እንሥራው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር ነበር። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት 32.5 በመቶ ነው፤ ያ በወር 2,600 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ለሚስት ግማሹ 1,300 ብር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶው 520 ብር ነው። ሦስቱ ተደምረው በየወሩ 2,340 ብር። ትልቅ ገንዘብ ነው አልልም፤ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ነገር ግን በየወሩ የሚመጣ ነው፤ ልጆቹ እስኪያድጉ የማይቋረጥ ነው፤ ከማንም ፊት ቆመው የማይለምኑት ነው። መዝገቡ ስድስት ዓመት ሲል ይህ ሁሉ ይጠፋና በአንድ ቀን የሚበላ ገንዘብ ይሆናል።

የቲሞችን መንከባከብ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሐጂም ያውቃሉ። በየዓመቱ በረመዷን የቲም ሰብስበው ያስፈጥራሉ። የእነዚህ ሁለት የቲሞች ሐቅ ግን እሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። መዝገቡ ላይ ያሉት ስድስት ዓመታትም ጤነኛ አልነበሩም። የ2009 ዓ.ም. ወረቀቶቹን ከፌስታሉ አውጥታ ከመዝገቡ ጋር ስታስተያይ ሌላ ጉድ ወጣ። በዚያ ዓመት ደመወዙ 4,000 ብር ነበር፤ ሰባት በመቶው ማለትም 280 ብር በየወሩ ተቆርጦበታል። ድርጅቱ ለመንግሥት ያሳወቀው ደመወዝ ግን 2,000 ብር ነው። ከ2,000 ብር ላይ አሥራ ስምንት በመቶ 360 ብር ነው፤ የገባውም ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ 360 ብር ገባ፣ ከዚህ ውስጥ 280ው የሠራተኛው የራሱ ነው። ሐጂ ከኪሳቸው የጨመሩት 80 ብር ብቻ ነው። በሕጉ መጨመር የነበረባቸው ግን 440 ብር ነው። አሥራ አንድ በመቶ ከፍያለሁ የሚሉት ሰውዬ የከፈሉት ሁለት በመቶ ነው፤ ያውም የሠራተኛውን ገንዘብ ተሸክሞ ነው የሄደው።

ይህን ተንኮል ያወቅን ጊዜ ብዙዎቻችን ደነገጥን። «አልገባም» የሚለውን ስንፈራ «ገብቷል ግን በግማሽ» የሚለውን አስበነው አናውቅም ነበር። አበሉ የሚሰላው በተመዘገበው ደመወዝ ስለሆነ፣ በግማሽ የተመዘገበ ሰው ዓመቱ ቢሞላለትም የሚያገኘው አበል ግማሽ ነው።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ለምን እንደቆመ የድርጅቱን አካውንታንት ጠይቄዋለሁ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሶላት ላይ ከአጠገቤ ይቆማል። «ወንድሜ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» አለኝ። እንጨት ተወደደ፣ ዶላር ጠፋ፣ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ሐጂ «ለጊዜው ጡረታውን አቆየው፣ ሲሻለን እንከፍላለን» አሉት። ፔሮሉ ላይ ግን መቁረጡን አላቆሙም። ይህ ነው ዋናው ነጥብ። ሥራ ቢቀዘቅዝ አሥራ አንዱን በመቶ መክፈል አቃተኝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ባይቀበለውም ሰው ይረዳዋል። ሰባቱ በመቶ ግን መቼም የሐጂ ገንዘብ ሆኖ አያውቅም። ከሰውዬው ጉልበት ላይ ተነስቶ፣ በእሳቸው እጅ አልፎ፣ ወደ ፈንዱ የሚሄድ መንገደኛ ገንዘብ ነው። መንገድ ላይ ያስቀሩት ሰው አቅም አጥተው አይደለም፤ በእጃቸው ያለውን የሰው አማና ተጠቅመውበት ነው።

መጠኑንም እንየው። የሃያ ሰው ድርጅት ነው ብያለሁ። የሁሉም ደመወዝ በአማካይ 8,000 ብር ቢሆን በየወሩ የሚቆረጠው 560 ብር፣ አሠሪው የሚጨምረው 880 ብር፣ በጠቅላላ በሰው 1,440 ብር ነው። በሃያ ሰው 28,800፣ በዓመት 345,600 ብር። ከዚህ ውስጥ 134,400ው ከሠራተኞቹ ደመወዝ ላይ የተወሰደ ነው። የትኛው ባንክ ነው ያለ ማስያዣ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ወለድ፣ በየዓመቱ ይህን ያህል የሚያበድር? ያበደርናቸው እኛ ነን፤ ማበደራችንን ግን አላወቅንም። በረመዷን የሚታደለው ዘይት በማን ገንዘብ እንደተገዛ አሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል።

ይህን ሳወራ የሚመጡብኝን መልሶች አውቃቸዋለሁ።

አንዳንዱ «ሐጂን አታዋርድ፤ ስንቱን ቤተሰብ የሚያበሉ ሰው ናቸው፣ በሽምግልና ይለቅ» ይለኛል። ሽምግልና ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል። ሐጂ አልካዱም፤ «ዕዳዬ ነው፣ ኢንሻአላህ እከፍላለሁ» ብለው ለሚስትየዋ አምስት ሺህ ብር ዘርግተውላታል። እሷ አልተቀበለችም። አምስት ሺህ ብሩ ሶደቃ ነው፤ እሷ የመጣችው ለሶደቃ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተቆጧት፤ እልኸኛ ናት ተባለች። እኔ ግን ከዚያ ስብሰባ ውስጥ ነገሩ በትክክል የገባት እሷ ብቻ ነበረች እላለሁ። ገንዘቡ በእጇ ቢሰጣት እንኳ ዓመታቱ መዝገብ ላይ አይመለሱም። የሚያስፈልጋት ባሏ የሠራባቸው ስድስት ዓመታት በሙሉ ደመወዙ፣ በስሙ፣ ወደ ፈንዱ እንዲገቡ ነው። በሽምግልና ከአሠሪ ጋር ስትቀመጡ ይህን አትርሱ፤ «ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝና እንተወው» ብሎ መስማማት የተቆረጠችውን ሰባት በመቶ ሊያስመልስላችሁ ይችላል፣ አሥሩን ዓመት ግን ያሳጣችኋል።

ሌላው ደግሞ የሚገርመኝ ነው። «የጡረታ ፈንዱ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛል፣ ወለድ አለበት፤ ባይገባ ይሻላል» የሚል አሠሪ አለ። ፈንዱ የግምጃ ቤት ሰነድ መግዛቱ እውነት ነው፤ የዚህን ሑክም ዑለማዎች ይናገሩበት፣ እኔ ልገባበት አልችልም። ግን ወንድሜ፣ ወለድ ፈርተህ ከሆነ ለምን ቆረጥከው? ቆርጠህስ ለምን ለባለቤቱ አልመለስክለትም? ለፈንዱ ሲሆን ሐራም የሆነው ገንዘብ አንተ ዕቃ ስትገዛበት በምን ሐላል ሆነ?

ሦስተኛው መልስ የሚመጣው ከእኛው ከወጣቶቹ ነው። «ስድሳ ዓመት ማን ይደርሳል?» እንላለን። ሥራ ስንቀጠርም የምንከራከረው በኔት ነው፤ «ኔት 8,000 በእጄ ከገባ ሌላው አያገባኝም።» አሠሪዎች ይህን ወደውታል። በኔት የተቀጠረ ሰው ከላይ ያለውን አያይም፤ ጠቅላላ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደተቆረጠ፣ የተቆረጠው የት እንደሄደ አይጠይቅም። ወንድማችን ስድሳ አልደረሰም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጡረታ የሽማግሌ ነገር ብቻ መስሎን ነው እንጂ ያች ወረቀት የሚስትና የልጅ ዋስትናም ናት።

እንግዲህ እንዴት ይታወቃል? ብዙዎቻችሁ በግል መልእክት የጠየቃችሁኝ ይህንኑ ነው።

ሦስት ወረቀቶች አሉ፤ ነገሩ ሁሉ እነሱን ማስተያየት ነው። የመጀመሪያው አንተ ጋ ያለው የደመወዝ ወረቀት ነው። ወረቀት የማይሰጥ ድርጅት ከሆነ የምትፈርምበት ፔሮል አለ፤ ስትፈርም በስልክህ አንሳው። ይህ ወረቀት መቆረጡን ያረጋግጣል እንጂ መግባቱን አያረጋግጥም። እኛ የተታለልነው እዚህ ላይ ነው፤ «ተቆርጧል» የሚለውን «ተከፍሏል» ብለን አነበብነው።

ሁለተኛው ድርጅቱ በየወሩ መዋጮውን ሲያስገባ የሚሞላው የማሳወቂያ ቅጽ ነው። ሲሰበሰብ የኖረው በገቢዎች መሥሪያ ቤቶች በኩል ስለሆነ አካውንታንቶች ከግብሩ ጋር ያውቁታል። ከቅጹ ጋር የሠራተኞች ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ቲን ነምበር፣ ደመወዝ፣ ሰባት በመቶ፣ አሥራ አንድ በመቶ። አካውንታንቱ «ከፍለናል» ካለህ ይህን ዝርዝር ከደረሰኙ ጋር እንዲያሳይህ ጠይቀው። «ድርጅቱ ከፍሏል» የሚል ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም። ድርጅቱ ለሰባት ሰው ከፍሎ አንተ ስምንተኛው ልትሆን ትችላለህ። ዝርዝሩ ላይ ስምህን ካገኘህ በኋላም ደመወዙን ተመልከት፤ ከፔሮሉ ጋር ካልገጠመ የ2,000 ብሩ ታሪክ አንተም ላይ እየተሠራ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ያለው የራስህ መዝገብ ነው። በአቅራቢያህ ወዳለው ቅርንጫፍ መታወቂያህን ይዘህ ሂድ። የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳለህ ጠይቅ፤ ዓመታት ሠርተህ መለያ ቁጥር ከሌለህ ጭራሽ አልተመዘገብክም ማለት ሊሆን ይችላል። ካለህ የስንት ወር መዋጮ በስምህ እንደገባና በየትኛው ደመወዝ እንደገባ ጠይቅ። ስምህና የልደት ዘመንህ በትክክል መጻፉንም እይ። በእኛ ዘንድ አሕመድ፣ አህመድና ሐመድ፣ መሐመድና ሙሐመድ እየተቀያየሩ አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ የሚመዘገብበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

ክፍተት ካገኘህ አቤቱታህን በጽሑፍ ለአስተዳደሩ ስጥ፤ የደመወዝ ወረቀቶችህን፣ የቅጥር ውልህን፣ ደመወዝ በባንክ ከሆነ የባንክ መግለጫህን ኮፒ አያይዝ። ዋናውን ለማንም አትስጥ። አንድ ኮፒ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመታና ይዘህ ተመለስ። ያልከፈለ ድርጅት ውዝፉን ከነቅጣቱ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድደዋል፤ መዋጮ ሳያስገባ የቆየን ድርጅት ከባንክ ሒሳቡ ላይ የማስቆረጥ ሥልጣንም ተሰጥቷል። «እኔ ከሠራተኛው ሳልቆርጥ ቀርቻለሁ» ማለትም አያድነውም፤ ያልቆረጠውን ከራሱ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የሥልጣኑ መኖርና ሥራ ላይ መዋሉ ይለያያሉ። ድርጅቱ ከተዘጋ፣ ሒሳቡ ባዶ ከሆነ፣ ባለቤቱ ስሙን ቀይሮ ሌላ ፈቃድ ካወጣ ነገሩ በጣም ይከብዳል። ለዚህ ነው ከሥራ ስትለቁ ሳይሆን ሥራ ላይ እያላችሁ፣ ድርጅቱም በር ከፍቶ እያለ ጠይቁ የምለው። ብቻችሁንም አትጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ «ረባሽ» ይባልና ይባረራል፤ አሥር ሰው አንድ ላይ ሲጠይቅ አሠሪው ያስብበታል። ከዚህ ሌላ አሠሪው ያለ አግባብ የቆረጠብህን ገንዘብ እንደ ደመወዝ ልትጠይቅ ካሰብክ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለደመወዝ ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ ሳትዘገይ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር አማክር።

ወደ ሚስትየዋ ልመልሳችሁ። አቤቱታዋን አስገብታለች። የሚያስመሰግነው ፌስታሉ ነው፤ ከሰባ ሁለቱ ባዶ ወራት የሰባ አንዱን ወረቀት አግኝታለች። አንዷ ጠፍታለች፤ የሐምሌ 2013 ዓ.ም. ናት። ለዚያች ወር አካውንታንቱ የፔሮሉን ኮፒ አውጥቶ ሰጥቷታል። ሐጂ ሲሰሙ ተቆጥተውታል፤ እሱ ግን «ፊርማው የእሱ ነው፣ ወረቀቱም የእሱ ነው» ብሏቸዋል። ድርጅቱ ውዝፉን እንዲከፍል ደብዳቤ ተጽፎለታል። እስካሁን አልተከፈለም። ልጆቹ አንዱ ሰባተኛ፣ ሌላዋ ሦስተኛ ክፍል ናቸው።

ባለፈው ወር ደግሞ እዚያ የቀሩት ልጆች ደመወዝ ሊፈርሙ ሲጠሩ የወሩን የማሳወቂያ ዝርዝር ካላየን አንፈርምም አሉ። አንድ ቀን ተኩል ደመወዝ ሳይወስዱ ቆዩ። በሁለተኛው ቀን ከዙህር በኋላ አካውንታንቱ ዝርዝሩን ከእነማኅተሙ ይዞ መጣ። ፔሮሉ ላይ ሃያ ሰው ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ዘጠኝ።